ለእንቁጣጣሽ ሳሎኑ ይቅደም

አንድ ቤተሰብ ለእንቁጣጣሽ ቤት ማሳመሪያ 6,000 ብር ለይቷል እንበል፤ የበጉና የዶሮው ሒሳብ ለብቻው ነው። በሁለት ቀን ሠላሳ ያህል እንግዳ ይመላለሳል። እኔ ብሆን ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ክፍሎቹን አንድ በአንድ እዞርና እንግዳ የት ምን ያህል እንደሚቆይ አያለሁ። መኝታ ቤቱ ተዘግቶ ይውላል፤ የታጠበ አንሶላ ይበቃዋል። ኩሽናውም መጽዳት እንጂ ማጌጥ አያስፈልገውም። ለሁለቱ አንድ ብር አልመድብም።

ለሳሎኑ 3,300 ብር እይዛለሁ። ገንዘብ የሚበላው ቀለም ነው። አራት በአራት የሆነ ሳሎን ሙሉ በሙሉ ሁለት ጊዜ ሲቀባ ሰባት ሊትር ያህል የውሃ ቀለም ይፈጃል። ከበሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ብቻ ብንቀባ ግን ሁለት ሊትር ይበቃል፤ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው። የቀሩትን ግድግዳዎች በሳሙና ውሃና በስፖንጅ ማጠብ ነው።

የክረምቱን እርጥበት ግን አደራ! እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ብዙ ሳይቆይ ያብጥና ይላጣል። ስለዚህ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው ያሳድሩ። በማግሥቱ ከላስቲኩ በስተውስጥ ጤዛ ከታየ ግድግዳው ገና አልደረቀም፤ የቀለሙን ብር ለሶፋ ልብስ ወይም ለመጋረጃ ያዙሩት። መጋረጃ የሚገዛ ሰው የመስኮቱን ስፋት ለክቶ እጥፉን ይግዛ። ልክክ ያለ ጨርቅ እጥፋት ስለማይኖረው እንደ ተሰጣ አንሶላ ይንጠለጠላል። የድሮው የሚበቃ ከሆነ ቀደም ብሎ ይታጠብ፤ በዝናብ ወቅት ወፍራም ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም።

ለበረንዳውና ለመግቢያው 900 ብር እመድባለሁ። መስከረም ሲጠባ ጭቃው ገና አልጠፋም፤ ከደጅ ሻካራ፣ ከውስጥ የጨርቅ ምንጣፍ ካልተነጠፈ የሳሎኑ ድካም ሁሉ በመጀመሪያዎቹ አምስት እንግዶች ይበላሻል።

መጸዳጃ ቤቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 600 ብር ለደማቅ አምፖል፣ ለፎጣ፣ ለሳሙና፣ ውሃ ቢጠፋም እንግዳ እንዳያፍር ክዳን ላለው ባልዲና ለጆግ ይሁን።

ከቀረው 1,200 ብር 500ው መጠባበቂያ ነው፤ ብርጭቆ ይሰበራል፣ አምፖል ይቃጠላል። 700ው የቄጠማ፣ የአደይ አበባና የዕጣን ነው፤ እስከ ዋዜማው አይነካም። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብሩ ለፕላስቲክ አበባ ያልቅና ለቄጠማው ከጎረቤት ብድር ይጠየቃል። ቄጠማ ቀድሞ ቢገዛ ይጠወልጋል። በዋዜማው ገዝተው ውሃ እርጭ አድርገው ጥላ ውስጥ ያሳድሩት። ወለሉ በደንብ ይድረቅ፤ በረጠበ ሊሾ ላይ ቄጠማ ያንሸራትታል፣ አረጋውያንም ይመጣሉ። ካነሰም በየጥጋጥጉ አይበተን፤ ከበሩ እስከ ረከቦቱ ጠጠር አድርገው ይጎዝጉዙት።