ፍየሎቹ ከታረዱ በኋላ የመጣው «ገንዘቤ ይመለስ»

ለአረፋ የታዘዙት ፍየሎች ታርደው ሥጋቸው ተበልቶ ካለቀ ሁለት ወር አልፏል። ናይሮቢ ለሚሠራ አንድ የፍየል ነጋዴ ከባንኩ መልእክት የመጣው ያኔ ነው። ሚኒያፖሊስ የሚኖር ደንበኛው በካርድ የከፈለው 900 ዶላር በሙሉ እንዲመለስለት ጠይቋል፤ ምክንያቱ «የገዛሁት አልደረሰም» የሚል ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ገንዘቡ ከነጋዴው ሒሳብ ተነሥቷል።

ትዕዛዙ ስድስት ፍየል ነበር፣ አንዱ በ150 ዶላር። ፍየሎቹ ከሞያሌ ገበያ ተገዝተው፣ በመኪና ናይሮቢ ገብተው፣ ኢስሊ ለሚኖር የደንበኛው ዘመድ እንዲሰጡ ነው ስምምነቱ። አንዱ መንገድ ላይ ሞተ፤ አምስቱ ደረሱ። ነጋዴውና ዘመድየው «የሞተውን በኋላ እንተሳሰባለን» ተባብለው ተለያዩ።

ነጋዴው መጀመሪያ የሰበሰበው የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀቱን፣ የመጓጓዣ ፈቃዱንና የጭነት መኪናውን ፎቶ ነው። የባንኩ ሠራተኛ ግን ወረቀቶቹን አይታ መለሰችለት። እነዚህ ፍየሎቹ ከሞያሌ መነሣታቸውን ይናገራሉ፤ ማን እጅ እንደገቡ አይናገሩም። ጉዳዩን የሚመረምረው ሰው ሞያሌን አያውቅም፣ ስልክ ደውሎም አይጠይቅም። የሚያየው የተላከለትን ወረቀት ብቻ ነው።

በቪዛ ካርድ «አልደረሰም» የሚለው ክስ ቁጥሩ 13.1 ነው። መልሱም ለዚሁ ቁጥር መሆን አለበት፦ ምን ታዘዘ፣ ለማን እንዲሰጥ ታዘዘ፣ መቼና የት ተሰጠ። ተቀባዩ ከፋዩ ስላልሆነ ሁለቱን የሚያገናኝ ማስረጃ ያስፈልጋል። ነጋዴው ይህን ያገኘው ከትዕዛዙ ላይ ነው፤ የዘመዱን ስምና ስልክ ቁጥር የጻፈው ራሱ ደንበኛው ነበር። ያው ስም በርክክብ ወረቀቱ ላይ ከፊርማ፣ ከቀኑና ከአምስቱ ፍየሎች የጆሮ ቁጥር ጋር ይገኛል። የጆሮ ቁጥሮቹ በመጓጓዣ ፈቃዱ ላይም ስላሉ፣ ብቻውን ደካማ የነበረው ወረቀት አሁን ቦታ አገኘ።

ከሁሉ የበለጠውን ማስረጃ ነጋዴው ሊደብቀው አስቦ ነበር። በርክክቡ ዕለት የፍየሎቹን ፎቶ ለደንበኛው ልኮለት፣ ደንበኛው «አምስቱን አየሁ፣ ስድስተኛውስ?» ብሎ ጽፎ ነበር። ነጋዴው አልመለሰለትም፤ ለክሱ ምክንያት የሆነውም ይኸው ዝምታ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ያ መልእክት አምስቱ መድረሳቸውን ከደንበኛው ከራሱ አፍ የሚያረጋግጥ ነው።

የሽያጭ ውሉም እንዲሁ ሁለት ስለት አለው። ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ተስማምቶ ያለፈበት ገጽ፣ ከርክክብ በፊት የሞተ እንስሳ ኪሳራው የሻጩ እንደሆነና ያልደረሰው እንስሳ ዋጋ ብቻ እንደሚመለስ ይላል። ስለዚህ 150 ዶላሩ የደንበኛው ነው፤ 750 ዶላሩ ግን አይደለም። ይህ የሠራው፣ ውሉን የተቀበለበት ቀንና ሰዓት ተመዝግቦ ስለቀረ ነው። ውሉ ከክፍያው በኋላ በደረሰኙ ጀርባ ቢላክለት ኖሮ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ነጋዴው በባንኩ በኩል 150 ዶላሩን ተቀብሎ በ750ው ብቻ ተከራከረ። በሐዋላ ወይም በስልክ ገንዘብ ለመላክ ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ፣ ካርዱም ከተመለሰ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር። መልሱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሆኖ፣ ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል ይተርካል፤ ማስረጃዎቹም በቁጥር ተያይዘዋል። በአማርኛና በሶማልኛ የተጻፉት መልእክቶች ከሥራቸው የእንግሊዝኛ ትርጉም ተጽፎላቸዋል። ባንኩ ከሰጠው የመጨረሻ ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ ገባ። 750 ዶላሩ ተመለሰለት፤ ባንኩ ለክርክሩ የቆረጠው ክፍያ ግን አልተመለሰም።

ይህ መንገድ ለሁሉም ክስ አይሠራም። ደንበኛው «ካርዴን የተጠቀምኩት እኔ አይደለሁም» ካለ፣ ፍየሉ ለሦስተኛ ሰው መድረሱ ብቻውን አይመልስም፤ የሚያስፈልገው የካርዱ ባለቤት ራሱ እንደከፈለ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ጊዜውም ረጅም ነው፤ «አልደረሰም» ለማለት ደንበኛው ብዙውን ጊዜ ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 120 ቀን አለው። የአረፋ ርክክብ ወረቀት ከበዓሉ ማግሥት የሚጣል አይደለም።

ነጋዴው አሁን እንስሳ ሲጎድል ለተቀባዩ በቃል አይናገርም። በዚያው ቀን ለከፈለው ሰው ጽፎ፣ የጎደለውን ዋጋ ወደዚያው ካርድ ይመልሳል።