ከሐይቁ የሚጠራው ድምፅ፤ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ላይ ያለን ሰው ስለ ማነጋገር

ጫሞ በአርባ ምንጭ አጠገብ የሚገኝ፣ ዓሣውም አዞውም የበዛ ሐይቅ ነው። በዳሩ ያደገ ሰው ወደ ውኃው በየትና መቼ መቅረብ እንደሚገባው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ አንድ የ22 ዓመት ዓሣ አጥማጅ፣ ታንኳም መረብም ሳይዝ፣ በሌሊት ብቻውን ወደ ጫሞ ሲገሠግሥ በተገኘ ጊዜ ቤተ ሰቡ ከባድ ነገር እንደ ደረሰበት ወዲያው ተረዳ።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው የዚህን ወጣት ነገር ነው። ታሪኩ የአንድ ሰው ገመና አይደለም፤ የአእምሮ ሕክምና አስታማሚዎች ሥራቸውን እንደሚማሩበት ዐይነት፣ በብዙ ሕሙማን ላይ ከሚታየው ተውጣጥቶ የተሰናዳ ምሳሌ ነው። ልናሳየው የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማ ሰው ምን ብሎ መመለስ እንደሚገባ ነው።

ወጣቱ ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንቅልፍ አጥቶአል። ብቻውን ያወራል፤ በመካከሉም የሚያዳምጥ ይመስል ድንገት ዝም ይላል። እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ «መርዝ አለበት» ብሎ ይገፋል። ወንድሞቹም በሐይቁ መንገድ ላይ ካገኙት በኋላ እጁን በገመድ አስረው በከተማው ወዳለ አንድ ሐኪም ቤት አመጡት። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሁኔታ ሳይኮሲስ ይሉታል፤ ሰው በእውን ያለውንና በሕመሙ ምክንያት የሚሰማውን ወይም የሚያምነውን ለይቶ ማወቅ ሲሳነው ማለት ነው።

በአገራችን ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ለብዙ ዘመን የነበረው ዋና መጠጊያ አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ነበር፤ ከአርባ ምንጭም 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአእምሮ ሕክምና አስታማሚዎች በአማኑኤል መሠልጠን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1987 ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕሙማን በየአካባቢያቸው መታከም ችለዋል። የአስታማሚ ንግግር ራሱ የሕክምናው ክፍል መሆኑን ደግሞ አስፍታ ያስተማረችው አሜሪካዊቷ አስታማሚ ሂልደጋርድ ፔፕሎ ናት፤ መጽሐፏም እ.ኤ.አ. በ1952 ታተመ።

ወደ ወጣታችን እንመለስ። አስታማሚዋ ከንግግሩ በፊት አንድ ነገር ማጣራት አለባት። አርባ ምንጭ ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ ወባም ወደ አንጎል ሲወጣ ሰውን ያስቃዣል። ስለዚህ የሰውነቱን ሙቀት ለካች፤ ደሙ ለወባና ለስኳር እንዲመረመር አደረገች፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደ ሆነ፣ መጠጥ ወይም ጫት ያዘወትር እንደ ሆነም ወንድሞቹን ጠየቀች። ቀኑንና ያለበትን ቦታ ጠይቃው በትክክል መለሰላት። በትኩሳት የሚቃዥ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ቀኑንና ቦታውን ይስታል፤ አንዴ ይነቃል፣ አንዴ ይደነግዛል፤ ድምፅ ከመስማት ይልቅም ነገር ይታየዋል። የዚህ ወጣት ሙቀት ደኅና ነበር፤ በደሙም ወባ አልተገኘበትም።

ከዚህ በኋላ የተሰበሰበው ሰው እንዲወጣ አደረገች። ብዙ ዐይን የሚያየው፣ ብዙ አፍ የሚያንሾካሹክበት በሽተኛ ፍርሃቱ ይበረታልና። ሁለት ወንድሞቹ ከደጅ፣ በቅርብ ሆነው እንዲጠብቁ ነገረቻቸው። ከሁለት ክንድ በማያንስ ርቀት፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ሆና ተቀመጠች። በሩ ለእርሱም ለእርሷም ክፍት እንዲሆን አደረገች፤ መውጫ ያጣ የመሰለው ሰው ሊታገል ይችላልና። በጋሞኛ ሰላምታ ከሰጠችው በኋላም በዝግታ፣ «እኔ አስታማሚ ነኝ። እዚህ ያለሁት ልረዳህ ነው። ገመዱን ልፈታልህ እፈልጋለሁ፤ ልንካህ ትፈቅዳለህ?» አለችው። እርሱም ራሱን ነቀነቀ። ገመዱ ሲፈታ ትከሻው ረገብ አለ።

ለጥቂት ደቂቃ ዝም አሉ። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ዝምታ በጥያቄ ሊሞላው ይቸኩላል። ነገር ግን በድምፅ የሚዋከብ አእምሮ አንድ አጭር ጥያቄ እንኳ ለመቀበል ጊዜ ይፈልጋል። ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሲደራረብበት ከሚሰማው ድምፅ ጋር አንድ ሆኖ ያደናግረዋል።

በመጨረሻ ወጣቱ ተናገረ። «ሲስተር፣ እርስዎ አይሰሙም? ከሐይቁ ይጠሩኛል።»

እዚህ ላይ በየቤታችን የሚሰጡ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው፣ «ምንም የለም፤ ዝም ብለህ ነው» የሚለው ነው። ሕመምተኛው ግን ድምፁን በጆሮው እንደምንሰማው ያህል ይሰማዋል፤ ስለዚህ የካደውን ሰው ወይ ውሸታም ወይ ጠላት አድርጎ ይቈጥረዋል። ያልነውን አያምንም፤ ከእኛ መደበቅን ይማራል እንጂ። ሁለተኛው፣ ለማስደሰት ሲሉ «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» ማለት ነው። ይህም ሐሰት ከመሆኑ በላይ በሕመሙ ላይ ምስክር ይጨምርበታል። ነገ ድኖ ሲያስታውሰውም የዋሸውን ሰው አያምንም።

አስታማሚዋ ከሁለቱም ለይታ፣ «እኔ ድምፁን አልሰማም። አንተ ግን እንደምትሰማው አምናለሁ። እንዲህ ሲጠሩ ማደር የሚያስፈራ ይመስለኛል» አለችው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሦስት ነገር አለ። የራሷን እውነት አልደበቀችም፤ የእርሱን መከራ አልካደችም፤ ክርክሩን ትታ ፍርሃቱን ነካች። ወጣቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና፣ «ሌሊት ይብሳል» አላት።

ቀጥላ የምትጠይቀው ለሕይወቱ የሚያሰጋውን ነገር ነው። «ድምፁ ምን ይልሃል?»

«ግባ ይለኛል። ወደ ውኃው ግባ።»

«ያለህን መፈጸም ግዴታህ መስሎ ይሰማሃል?»

«ትናንት እምቢ አልኩት። ዛሬ ግን ደከመኝ።»

«ራስህን ለመግደል አስበሃል?»

ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ያልነበረ ሐሳብ የሚያስገባ ይመስለዋልና። ነገር ግን በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ያለውን ያወጣዋል እንጂ። ወጣቱ «መሞት አልፈልግም፤ ዝም እንዲሉኝ ነው የምፈልገው» አለ። የሚያዝ ድምፅ መስማቱና እምቢ ለማለት መድከሙ ስለ ታወቀ፣ በዚያ ሌሊት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻውን እንዳይሆን ተወሰነ። ይህን ያስገኘው ምርመራ ሳይሆን ንግግሩ ነው። «ምንም የለም» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ስለ ውኃው ባልተናገረም ነበር።

የምግቡም ነገር ቀላል አልነበረም። አስታማሚዋ ስለ መርዙ አልተከራከረችም። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ያልተላጠ፣ ደግሞም ቅርፊቱ ያልተነሣለት የተቀቀለ እንቍላል አስቀመጠችለትና «ራስህ ላጠው» አለችው። በገዛ እጁ የከፈተውን በላ።

መድኃኒቱንም እንዲሁ በግልጽ ሰጠችው። አንዳንድ ቤተ ሰብ ክኒኑን ፈጭቶ በወጥ ውስጥ ይደብቃል። ይህ የተገለጠ ዕለት «መርዝ አለበት» የሚለው የሕመምተኛው ቃል እውነት ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲያ ከዚያ ቤት ምግብም መድኃኒትም መቀበል ይከብደዋል። እርሷ ግን፣ «ይህ ሃሎፔሪዶል ይባላል። መጀመሪያ ያረጋጋሃል፤ ድምፁ እስኪቀንስ ግን ቀናት፣ ምናልባትም ሳምንታት ይፈጃል። አንገትህ ወይም ምላስህ ቢኰማተር ከመድኃኒቱ ነው፤ መፍትሔ አለው፣ ቶሎ ንገረኝ» አለችው። በሁለተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ተጠመዘዘ። ሳይነገረው ቢሆን ጠላቶቹ አንገቱን የያዙት ይመስለው ነበር። ስለ ተነገረው ግን ራሱ መጥቶ አሳየ፤ የሚያፍታታው መድኃኒት ተሰጠውና ዳነ።

አንድ ቀን ግን ነገሩ ተበላሸ። አስታማሚዋ «ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ብላው፣ ሌላ ሥራ ቢያይልባት ቀረች። በማግሥቱም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አገኘችው። እርሷም ሰበብ አላበዛችም። «እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። መልስ የሰጣት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የምትፈጽመውን እንጂ የማትፈጽመውን አልነገረችውም።

በሁለተኛው ሳምንት አባቱ መጥተው ጠየቋት። «ልጄ፣ ወደ ጠበል ልወስደው አስቤአለሁ። ትከለክይኛለሽ?»

«አባቴ፣ አልከለክልዎም። እኔ የምለምንዎ ክኒኑን እንዳያቋርጥ ነው። ድንገት ካቆመ ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል። እንዳያስሩትም እለምንዎታለሁ። ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባቱን ያማክሩ፤ አሁን ምግብና እንቅልፍ ያስፈልገዋል።»

አባትየው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ክኒኑን እኔው እይዝለታለሁ» አሏት። ለታመመ ሰው የጾሙ ሥርዐት በንስሐ አባት ፈቃድ እንደሚላላ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ጠበልና መድኃኒትን አንዱን መርጠህ ሌላውን ጣል ተብሎ የሚጨነቅ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ የሚጥለው መድኃኒቱን ነው፤ ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ የሚነገረው ግን ሁለቱንም ይይዛል።

እዚህ ላይ የንግግርን ወሰን መግለጽ ይገባናል። መልካም ቃል ብቻውን ሳይኮሲስን አያድንም። ሕመምተኛው ጡጫውን ጨብጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከወዲያ ወዲህ መመላለስ ከጀመረ የሚያነጋግረው ሰው መራቅ፣ ስለታም ነገርን ከአካባቢው ማስወገድና ረዳት መጥራት አለበት። ራሱን ወይም ሌላውን እንዲጐዳ የሚያዝ ድምፅ የሚሰማ ሰውም በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። መድኃኒቱ ደግሞ ሕመሙ ከተወው በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል በሐኪም ምክር ይቀጥላል። «ድኛለሁ» ብሎ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ለማገርሸቱ ዋና ምክንያት ነው።

ወጣቱ ከሐኪም ቤት በወጣበት ቀን ድምፁ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ከሩቅ እንደሚሰማ ጫጫታ ሆኖአል፤ ቃሉም አይለይም። አስታማሚዋ ለእናቱ ያስተማረቻቸው አንድ ነገር ነበር። «እናቴ፣ ድምፅ ሰማሁ ቢልዎ አይከራከሩት፣ አይቈጡትም። እኔ አልሰማሁም፤ አንተን ግን አስፈራህ? ይበሉት። ከዚያም ምን እንደሚለው ይጠይቁት።»

ከጥቂት ወራት በኋላም ከወንድሙ ጋር ሆኖ ወደ ጫሞ ወረደ። በዚህ ጊዜ ታንኳም መረብም ይዞ ነበር። ወንድሙ «ዛሬስ ይጠሩሃል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ጥቂት ይሰማኛል፤ ስለ ነገርኩህ ግን አልፈራም» ብሎ መለሰለት።