ከ«ጥንት ጀምሮ» ወደ ጥናቱ ጥያቄ፦ የመግቢያ አጻጻፍ

የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ዋና ሥራው አንባቢን ከሚያውቀው ጉዳይ አንሥቶ ጥናቱ ወደሚመልሰው ጥያቄ ማድረስ ነው። ብዙ ረቂቆች ግን ከጥያቄው እጅግ ርቀው ይጀምራሉ። «ከጥንት ጀምሮ»፣ «በዓለም ዙሪያ»፣ «ለሰው ልጅ ሁሉ» የሚሉት አጀማመሮች በየረቂቁ ይገኛሉ። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ማንም አይከራከርበትም፣ ምንጭም አይጠቀስለትም፣ ለብዙ ሌሎች ጥናቶችም እንዳለ መግቢያ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ በጣና ሐይቅ ላይ የተስፋፋው የእንቦጭ አረም በዓሣ አስጋሪዎች ላይ ስላስከተለው ችግር ያጠናል እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ውሃ የሕይወት መሠረት ነው። ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ሥልጣኔውን የገነባው በወንዞችና በሐይቆች ዳርቻ ነው። በአሁኑ ጊዜ መጤ አረሞች በዓለም ዙሪያ የውሃ አካላትን እየጎዱ ይገኛሉ። ስለዚህ ይህ ጥናት የእንቦጭን ጉዳት ይመረምራል።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ቢሰረዙ ጥናቱ የሚያጣው ነገር የለም። ሦስተኛው ወደ ጉዳዩ ቢቀርብም፣ ከመላው ዓለም ወደ አንድ ጥናት የተዘለለው «ስለዚህ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። የቱ ጉዳት፣ በማን ላይ፣ የት የሚለውም አልተነገረም።

እንደገና የመጻፉ ሥራ ከመጨረሻው ይጀምራል። መጀመሪያ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ «በፎገራ ወረዳ የጣና ዳርቻ አረሙ ሲበዛ የአስጋሪዎች ገቢ የሚቀንሰው ዓሣው በማነሱ ነው ወይስ አስጋሪው ወደ ዓሣው መድረስ ባለመቻሉ?» ከዚህ ጥያቄ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ቃላት ተነቅሰው ይወጣሉ፦ እንቦጭ፣ ጣና፣ አስጋሪ፣ ገቢ፣ የገቢው መቀነስ ምክንያት። መግቢያው ለአንባቢ ማስተዋወቅ ያለበት እነዚህን ነው፤ የሰው ልጅ ሥልጣኔ ከመካከላቸው የለም።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ ይወሰናል። የቋንቋ ምሁሩ ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ የምርምር መግቢያዎች በአብዛኛው በሦስት እርምጃ እንደሚሄዱ አሳይቷል፦ ጉዳዩን ማስተዋወቅ፣ በጉዳዩ ላይ ያልተመለሰውን ክፍተት ማመልከት፣ ከዚያም ጥናቱ ክፍተቱን እንዴት እንደሚሞላ መናገር። በዚህ አካሄድ የተማሪው መግቢያ እንዲህ ይለወጣል፦

«እንቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በብዛት የተስፋፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። በዚህ ዳርቻ የሚያሰግሩ ሰዎች አረሙ ጥቅጥቅ ሲል ታንኳ መቅዘፍም መረብ መዘርጋትም ይቸግራቸዋል። የተዳሰሱት ጥናቶች በአረሙ ስፋትና በማስወገጃው ዘዴ ላይ ያተኩራሉ፤ የአስጋሪው ገቢ የሚቀንሰው ዓሣው በማነሱ ይሁን ወደ ዓሣው መድረስ ባለመቻሉ ግን አልለዩም። መልሱ መፍትሔውን ይለውጣል፤ ዓሣው ካነሰ የማስገሪያ ጊዜን መገደብ፣ መድረሻ ከጠፋ ደግሞ የታንኳ መተላለፊያ መጥረግ ያስፈልጋል። ይህ ጥናት ሁለቱን ምክንያቶች በፎገራ ወረዳ ዳርቻ ለይቶ ይመረምራል።»

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ካለፈው አንድ ነገር ይዞ ክልሉን ያጠብባል፦ ከአረሙ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወደ አንዱ ዳርቻ፣ ከዳርቻው ወደ አስጋሪው፣ ከአስጋሪው ወደ ገቢው። መዞሪያው «ግን» ያለበት ዓረፍተ ነገር ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። «በዚህ ርዕስ ምንም ጥናት አልተደረገም» ማለት ከመግቢያው የተባረረውን ጅምላ አባባል በሌላ በር መመለስ ነው፤ ፈታኙ አንድ ጽሑፍ ብቻ ቢያቀርብ ክርክሩ ይፈርሳል። ቀደምት ጥናቶች የጠየቁትንና የተዉትን ለይቶ መናገር ይሻላል፤ ይህም ጽሑፎቹን በእርግጥ ካነበቡ በኋላ፣ ምንጭ እየጠቀሱ የሚጻፍ ነው።

ማጥበብ ግን ልክ አለው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ አንድ ቀበሌ አስጋሪዎች ቢሆን አካባቢውን የማያውቅ አንባቢ ግራ ይጋባል። የመነሻው ስፋት በአንባቢው ይወሰናል፤ ለጣና ተመራማሪዎች ከሐይቁ፣ የልዩ ልዩ መስክ መምህራን ላሉበት የፈተና ጉባኤ ደግሞ ከአረሙ መነሣት ይበቃል።

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት ፍተሻዎች ይበቁታል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በሌላ ተማሪ ጥናት ላይ ቢለጠፍ የሚስማማ ከሆነ ይሰረዝ። መካከሉ ተሸፍኖ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲነበቡም ቢያንስ አንድ ዋና ቃል ሊጋሩ ይገባል፤ ካልተጋሩ መግቢያው አሁንም የጀመረው ከሌላ ጥናት ነው።