ሮቦቱ መራመድ ትቶ ለምን ይቆማል?

በሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ የኮርስ ፕሮጀክት ለመሥራት ያሰበ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከ Walker2d ጋር ይተዋወቃል። ይህ ሙጆኮ በተባለው የፊዚክስ ሲሙሌተር ውስጥ የሚንቀሳቀስ፣ ሁለት እግርና ስድስት ሞተሮች ያሉት ሮቦት ነው። እንዴት እንደሚራመድ ማንም አይነግረውም፤ እየሞከረ ነጥብ ይሰበስባል፣ ብዙ ነጥብ ያስገኘለትን እንቅስቃሴም ይደጋግማል።

ነጥቡ በየ 0.008 ሰከንዱ ይሰጣል። ሳይወድቅ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ቅጽበት 1 ነጥብ ያገኛል፤ በዚህ ላይ ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ተለክቶ ይደመርለታል። ሞተሮቹ ለሚያወጡት ጉልበት የሚቀነሰው በጣም ትንሽ ስለሆነ እንተወው። አንድ ሙከራ ቢበዛ 1000 ቅጽበት፣ ማለትም 8 ሰከንድ ይቆያል። ሮቦቱ ከወደቀ ግን ሙከራው እዚያው ያበቃል።

እስቲ እናስላው። ጀማሪው ሮቦት በሰከንድ 1 ሜትር እየተንደረደረ በ50ኛው ቅጽበት ቢወድቅ 100 ነጥብ ያገኛል። ዝም ብሎ ቢቆም 1000፣ በዚያው ፍጥነት እስከ መጨረሻው ቢራመድ ደግሞ 2000 ያገኛል። ስለዚህ ትልቁ ነጥብ የመራመድ ነው፤ ደረጃው አልተሳሳተም። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ከመቆም ወደ መራመድ ለመሻገር ሮቦቱ ደጋግሞ መውደቅ አለበት፤ በወደቀ ቁጥር ደግሞ ከመቆም ያነሰ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ መቆምን ተምሮ እዚያው ሊቀር ይችላል።

«እንግዲያው የመቆሚያውን ነጥብ እናጥፋው» ማለት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ያን ጊዜ መቆም 0፣ ወደ ፊት ተወርውሮ መውደቅ 50 ስለሚሆን ሮቦቱ መወርወርን ይለምዳል። «ቶሎ እንዲሄድ» ብላችሁ በየቅጽበቱ 1 ነጥብ ብትቀንሱበትማ ይብሳል፦ ገና መንቀሳቀስ ላልቻለ ሮቦት ከቅጣቱ መገላገያው ወዲያው መውደቅ ነው።

የሚሻለው ነጥቡን መቀነስ እንጂ ማጥፋት አይደለም፦

```python
env = gym.make("Walker2d-v5", healthy_reward=0.2)
```

አሁን መራመድ 1200፣ መቆም 200፣ ተንደርድሮ መውደቅ 60 ይሆናል። ቀድሞ የመቆም እጥፍ የነበረው መራመድ አሁን ስድስት እጥፍ ሆነ። ይህ ግን ዋስትና አይደለም፤ ስልጠናውን በተለያዩ የዘፈቀደ መነሻዎች ደጋግሞ ማስኬድ ያስፈልጋል።

ሮቦቱ ቆሞ መቅረቱን እንዴት ታውቃላችሁ? የጠቅላላ ነጥቡ ግራፍ ሲወጣ ማየት አይበቃም፤ መቆምን ሲማርም ግራፉ ይወጣል። ሙከራው 1000 ቅጽበት ሞልቶ በ `info` ውስጥ ያለው `x_position` ዜሮ አካባቢ ከቀረ፣ ሮቦቱ ቆሟል ማለት ነው። `reward_forward` እና `reward_survive` ን ለየብቻ ብትመዘግቡም ነጥቡ ከየት እንደመጣ ይታያችኋል።

በመጨረሻም ቪዲዮውን ተመልከቱ። የነጥብ አሰጣጡ ስለ ፍጥነት እንጂ ስለ አረማመድ ምንም አይልም፤ አንድ እግሩን እየጎተተ በሌላው የሚዘልል ሮቦትም ጥሩ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል።