ልምድ ወይስ ተነሳሽነት? ቀጣሪዎች ስለ ሁለቱም በስህተት የሚያምኑት

አዲስ አበባ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት አካውንታንት ለመቅጠር አስቦ ሁለት አመልካቾች ለመጨረሻው ዙር ደረሱ እንበል። ዲግሪያቸው አንድ ነው፣ የጽሑፍ ፈተናውንም እኩል አልፈዋል። አንደኛዋ አራት ዓመት ሠርታለች። ሁለተኛው ገና መመረቁ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን አጥብቆ እንደሚፈልግ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ቀጣሪዎቹ እዚህ ላይ ሁለት ጎራ ይለያሉ። ሁለቱም ጎራዎች የያዙት እምነት ግን ሲመረመር ይፈርሳል።

ተረት፦ «አራት ዓመት የሠራ ሰው የተሻለ ይሠራል።»

እውነታ፦ የዓመት ቁጥር ብቻውን የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ቻድ ቫን ኢዴኪንጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አሰባስበው፣ ከቅጥር በፊት የነበረ ልምድ ከኋላው የሥራ ውጤት ጋር ያለውን ቁርኝት ለኩ። ምንም ቁርኝት አለመኖሩ 0፣ ፍጹም ቁርኝት 1 ተብሎ ሲለካ ያገኙት 0.06 ገደማ ነበር፤ ከምንም የማይሻል ማለት ይቻላል።

ምክንያቱን ለማየት የእኛኑ የሥራ ልምድ ማስረጃ ማንበብ ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ሠራተኛው ሲለቅ በሚሰጠው ምስክር ወረቀት ላይ እንዲሰፍር የሚያዘው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። ሥራው ምን ያህል በጥራት ተሠራ የሚለው የለበትም። ወርሃዊ ሂሳብ በራሷ የዘጋች አካውንታንትም፣ አራት ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ስታስገባ የኖረችም የሚይዙት ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ «ስንት ዓመት ሠራሽ?» ከማለት «የባንክ ሂሳብ ስንት ጊዜ አስታርቀሻል? ልዩነት ሲመጣ ከየት ጀምረሽ ትፈልጊያለሽ?» ማለት ይሻላል። አንድን ተግባር ደጋግሞ መሥራት ከቆይታ ርዝመት የበለጠ ከውጤት ጋር እንደሚያያዝ ሌሎች ጥናቶች አሳይተዋል።

ተረት፦ «ተነሳሽነት ቃለ መጠይቅ ላይ ይታያል።»

እውነታ፦ ቃለ መጠይቅ ላይ በአብዛኛው የሚታየው ሥራ የማግኘት ፍላጎት ነው፤ ሥራውን የመሥራት ፍላጎት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። «ጠንክሬ እሠራለሁ» ያላለ አመልካች እስካሁን አላጋጠመኝም። ተነሳሽነት የሚታወቀው ባለፈ ድርጊት ነው። «ማንም ሳያዝህ በራስህ የተማርከው ምንድን ነው? አሳየኝ» ሲባል በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሂሳብ ፕሮግራም የተለማመደ ልጅ የሚያሳየው ነገር አለው። የሌለው ወደ ጥቅል ንግግር ይሸሻል።

ታዲያ በምን እንምረጥ? ሥራውን ራሱን በትንሹ አሠርቶ በማየት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ይሰጣቸው፦ የድርጅቱ የሂሳብ መዝገብ 84,500 ብር ይላል፣ የባንኩ መግለጫ ደግሞ 91,250። ልዩነቱ 6,750 ነው። ውስጡ ሦስት ነገር ተደብቋል። 6,000 ብር የተጻፈበት ቼክ ገና ባንክ አልቀረበም። ባንኩ 150 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቆርጧል፣ መዝገቡ ላይ ግን አልሰፈረም። 5,400 ብር ገቢ ደግሞ በስህተት 4,500 ተብሎ ተመዝግቧል። ሁሉንም ያገኘ ሰው በሁለቱም በኩል 85,250 ላይ ይደርሳል።

ነጥቡን መልሱ ላይ ብቻ አትስጡ፤ አካሄዳቸውን ተመልከቱ። ቼኩንና የባንክ ክፍያውን ለይቶ 900 ብር የቀረው ሰው፣ ቁጥሩ ለ9 እንደሚካፈል አይቶ «አሃዝ ተገለባብጦ ይሆናል» ካለ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል ልምዱ እውነተኛ ነው። መልሱ ጠፍቶት የት እንደተሰናከለ በግልጽ የሚናገርና ፍንጭ ሲሰጠው ወዲያው የሚያርም ደግሞ የመማር አቅሙን አሳይቷል። «ያው ትንሽ ልዩነት ነው» ብሎ 900 ብሩን «ልዩ ልዩ» በሚል ርዕስ የሚዘጋው ግን አራት ዓመትም ሠርቶ ቢሆን፣ በጉጉት ቢንቀጠቀጥም፣ መቀጠር የለበትም።

ሁለቱም እኩል ቢወጡስ? ያኔ ጥያቄው ወደ ድርጅቱ ይዞራል። የሂሳብ ክፍሉ አንድ ሰው ብቻ ከሆነና የወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ መግለጫ የሚቀርብበት ቀን ከደረሰ፣ የሚያስተምር ሰው ስለሌለ ልምድ ያላት ትቀጠር። ልምድ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነውና። በየቀኑ ሥራውን የሚያይ ከፍተኛ አካውንታንት ካለ ግን የዓመታቱ ብልጫ ቶሎ ስለሚጠብ፣ አዲሱን መቅጠር ኪሳራ አይሆንም።

ማናቸውም ቢቀጠሩ ውሳኔው እዚያው አያልቅም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ወር ሲዘጋ ለማየት ይበቃል። የሙከራ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት።