ለመኪናዋ ባለቤት ከቀጠሮ በፊት የሚጻፉ ጥያቄዎች

«ቪትዝ፣ 2007 ሞዴል፣ ኮድ 2፣ አካሏ ያልተነካ፣ 90 ሺህ የነዳች፣ ባለቤቱ ራሱ የሚሸጣት።» በአዲስ አበባ የቴሌግራም የመኪና ገበያ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የተለመደ ነው። ገዥዎች የሚልኩት ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ «መጨረሻው ስንት ነው?» መኪናዋን ሳያዩ ዋጋ ላይ መከራከር ግን ትርፍ የለውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሆናለች፤ ሻጩም ለእያንዳንዱ ጠያቂ አይለማመጥም።

ጠንቃቃ ገዥ ይህን መሰል አጭር መልእክት ይልካል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የቪትዟን ማስታወቂያ አይቼ ነው። ሊብሬው በማን ስም ነው? በእጅዎ አለ ወይስ ባንክ ይዞታል? ቀረጥ ተከፍሎባታል? ቀለም የተነካው የትኛው ክፍል ነው? ዘይት በመጨረሻ የተቀየረው መቼ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነበር? ለማየት ስመጣ ሞተሯ ሳይነሳ ቢቆየኝ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።»

የሊብሬው ጥያቄ የቀደመው ያለምክንያት አይደለም። የሞተር ችግር በጋራዥ ይፈታል፤ የስም ችግር ግን መካኒክ የለውም። «በወንድሜ ስም ነው፣ ውክልና አለኝ» የሚል መልስ ከመጣ ገዥው የውክልናውን ፎቶ ይጠይቃል፤ መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል ወይስ መንዳትንና ማስተዳደርን ብቻ? ወካዩ በሕይወት መኖሩም ዋና ጉዳይ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቀራል። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ይነሳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ዛሬ በ500 ብር የሚሸጥ መኪና ቀርቶ የመኪና ጎማም አይገኝም። ስለዚህ «ለፊርማ ባለቤትዎም ይመጣሉ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ባንክ የያዘው ሊብሬ መኪናዋን የማትሸጥ አያደርጋትም፤ ዕዳው ተከፍሎ እገዳው እስኪነሳ ግን ስም አይዞርም። ያለቀረጥ የገባች ከሆነችም ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ካልታወቀ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዋጋ የመኪናዋ ዋጋ አይደለም።

የቀለሙ ጥያቄ አጠያየቁ ላይ ነው ጉዳዩ። «ተገጭታ ታውቃለች?» ሲባል ብዙ ሻጭ «ኧረ በጭራሽ!» ይላል። «ቀለም የተነካው የትኛው ክፍል ነው?» ሲባል ግን «የቀኝ ፓራፋንጎ ብቻ፣ ባጃጅ ጭሮት» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ይህ መልስ የሚያስበረግግ አይደለም፤ እንዲያውም ሰውየው መኪናውን እንደሚያውቅ ያሳያል። ገዥው በአካል ሲሄድ ፓራፋንጎውን ትቶ ከጎኑ ያሉትን ያያል፤ ኮፈኑና በሩ ያላቸው ክፍተት ከግራው ጋር እኩል ነው? የፓራፋንጎው ብሎኖች ብቻ ተፈተው ነው ወይስ የኮፈኑም ጭምር?

ኪሎ ሜትሩ ደግሞ በቀላል ሒሳብ ይፈተሻል። አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለች መኪና 90 ሺህ ብቻ ነድታለች ከተባለ በዓመት 5 ሺህ፣ በቀን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ ብቻ የዚያ እጥፍ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ የምትወጣ የጡረተኛ መኪና ብትሆን ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ዘይት ቀያሪዎች የሚጽፉት ካርድ ለዚህ ይጠቅማል። የዛሬ ሁለት ዓመት ካርድ ላይ 130 ሺህ ተጽፎ ዳሽቦርዱ 90 ሺህ ካለ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል።

የቀዝቃዛው ሞተር ልመና ለሻጩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለገዥው ግን ትልቅ ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር መጀመሪያ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከተፋ ዘይት እየበላ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ጭሱ ሊጠፋ ይችላል። ደካማ ባትሪም የሚጋለጠው ያኔ ነው። ገዥው ሲደርስ እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፤ ሞቆ ካገኘው ምክንያቱን ይጠይቃል። «ከጎረቤት አስወጥቼ ነው» ከተባለ ሌላ ጠዋት መቀጠር ነው።

ሁሉም ዝምታ ግን ተንኮል አይደለም። የሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ሙሉ ፎቶ ለማያውቀው ሰው መላክ የማይፈልግ ሻጭ ትክክል ነው። የሻንሲውን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ቢጽፍ ለጊዜው ይበቃል፤ በአካል ሲገናኙ ከሊብሬውና ከመኪናዋ ጋር ይመሳከራል። «ሌላ ገዥ ስላለ ቀብድ ላክና ላቆይልህ» የሚል መልስ የመጣ እንደሆነ ግን ታክሲ መሳፈር አያስፈልግም።