ላሜራው ወዴት ነው የሚሳበው?

የብረት ላሜራ ሸክም ሲያርፍበት ዓይን የሚያየው ለውጥ የለም። ላሜራው ግን ተለጥጧል። አንድ ሜትር ብረት በተለመደ የሥራ ጭነት ቢለጠጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን በሜትሮ ለክቶ ማግኘት የሚያስብ የለም። መሐንዲሶች የሚይዙት ላሜራው ላይ በሚለጠፍ፣ ከጣት ጥፍር በማይበልጥ ስስ የብረት ፎይል ነው። ስትሬን ጌጅ ይሉታል። ፎይሉ እንደ እባብ የተጣጠፈ ቀጭን መስመር አለው፤ ላሜራው ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥም የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው ይጨምራል።

መሣሪያው ድሮ አልነበረም። በ1938 ኤድዋርድ ሲመንዝና አርተር ሩጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንዱ ከሌላው ሳይማከር ደረሱበት። ሩጅ የመሬት መንቀጥቀጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር ላይ የሚያደርሰውን ጫና እያጠና ሳለ ቀጭን ሽቦ በሲጋራ ወረቀት ላይ አጣብቆ ሞከረው። ከዚያ ወዲህ ሽቦው በፎይል ተተካ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

አንድ ጌጅ የሚያውቀው ግን የተለጠፈበትን አቅጣጫ ብቻ ነው። ገመድ ቢሆን ይበቃ ነበር፤ ገመድ የሚሳበው በርዝመቱ ነው። ላሜራ ግን ከዚህም ከዚያም ይሳባል፣ ይገፋል፣ ይጠመዘዛል፤ ከሁሉ በላይ የሚለጠጥበት አቅጣጫ የት እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ሦስት ጌጆች በአንድ ነጥብ ላይ በተለያየ አቅጣጫ ይለጠፋሉ። ይህ ሮዜት ይባላል። በብዛት የሚሠራበት ሁለቱ ጌጆች በቀጤ ማዕዘን የቆሙበት፣ ሦስተኛው ደግሞ መካከላቸው በ45 ዲግሪ የተጋደመበት ነው። የመጀመሪያውን ሀ፣ የመካከለኛውን ለ፣ የመጨረሻውን ሐ እንበላቸው።

አሁን አንድ የክሬን ድጋፍ ላሜራ ይታሰብ። ሮዜቱ የሚለጠፍበት ቦታ በአሸዋ ወረቀት ተፈትጎ፣ ቅባቱ በአሴቶን ተጠርጎ፣ ጌጁ ተጣብቆ፣ ሽቦው ተበይዷል። ሸክሙ ሳይነሳ ሦስቱም ንባቦች ዜሮ ላይ ተደርገዋል። ሸክሙ ሲነሳ ሀ 600፣ ለ 500፣ ሐ ደግሞ ከዜሮ በታች 200 አነበቡ። መለኪያው ማይክሮስትሬን ነው፤ 600 ማለት በአንድ ሜትር 0.6 ሚሊ ሜትር መለጠጥ ነው። ከዜሮ በታች ያለው ማጠር ነው። በ120 ኦም ጌጅ ላይ ይህ 600 የሚያመጣው ለውጥ 0.144 ኦም ብቻ ነው፤ ንባቡ በዊትስተን ድልድይ የሚወሰደው ለዚህ ነው።

ከሦስቱ ቁጥሮች ዋናውን መለጠጥ ማግኘት ከባድ አይደለም። በአንድ ነጥብ ላይ አቅጣጫ እየዞረ ቢለካ ንባቡ በአንድ አማካይ ዙሪያ ከፍና ዝቅ ይላል። አማካዩ በቀጤ ማዕዘን የቆሙት የሁለቱ ማለትም የሀና የሐ አማካይ ነው፤ 600 እና ‑200 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 200። ሀ ከዚህ አማካይ በ400 ይበልጣል፣ ለ በ300። 400 እና 300 የቀጤ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ቢሆኑ ሦስተኛው ረጅሙ ጎን 500 ይሆናል፤ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የፓይታጎረስ ሕግ ነው። ይህ 500 ንባቡ ከአማካዩ የሚርቅበት የመጨረሻ ልክ ነው። እንግዲህ ትልቁ ስትሬን 200 ሲደመር 500፣ 700 ነው። ትንሹ 200 ሲቀነስ 500፣ ‑300 ነው። የጎነ ሦስቱ ማዕዘን 36.9 ዲግሪ ሲሆን እውነተኛው አቅጣጫ ግማሹ ነው፦ ከሀ ወደ ለ በ18.4 ዲግሪ። ላሜራው ከሁሉ በላይ የሚለጠጠው ማንም ጌጅ ባልተለጠፈበት አቅጣጫ ነበር ማለት ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ከዚህ በኋላ ነው። ስትሬን የመለጠጥ ልክ ነው፤ ብረቱን የሚሰብረው ግን ውጥረት ነው። በብረት የመለጠጥ ጽናት 200 ጊጋፓስካል ቢባዛ 700 ማይክሮስትሬን 140 ሜጋፓስካል፣ ‑300 ደግሞ ‑60 ሜጋፓስካል ይሰጣል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የተለጠጠ ላስቲክ ሲቀጥን ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፦ በአንድ በኩል የተሳበ ብረት በሌላው በኩል ማንም ሳይገፋው ያጥራል። ብረት ላይ የጎን ማጠሩ የመለጠጡ 0.3 ያህል ነው፤ ይህ የፖይሰን ቁጥር ይባላል። 700 የተለጠጠ ብረት በጎኑ ያለ ምንም ግፊት 210 ያጥራል። ስለዚህ ከ300ው ማጠር ውስጥ የእውነተኛ ግፊት ድርሻ 90 ብቻ ነው። ሒሳቡ በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፤

```
σ1 = E (ε1 + ν ε2) / (1 − ν²)
σ2 = E (ε2 + ν ε1) / (1 − ν²)
```

E 200 ጊጋፓስካል፣ ν 0.3 ሲሆኑ ለአንድ ማይክሮስትሬን 0.22 ሜጋፓስካል ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ዋናው ውጥረት 700 ሲቀነስ 90፣ 610 ተባዝቶ 134 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ ሁለተኛው ‑20። ተራው ሒሳብ ሦስት እጥፍ የሚሆን ግፊት ፈጥሮ ነበር። የተለመደው የግንባታ ብረት ከ235 ሜጋፓስካል ወዲያ ቅርጹን ለዘለቄታው ስለሚለውጥ ይህ ላሜራ ገና ሰፊ ቦታ አለው። ቀመሩም ቢሆን የሚሠራው ከዚያ ገደብ በታች ነው፤ ብረቱ አንዴ ከተሸነፈ ስትሬኑ ይታያል፣ ውጥረቱን ግን ከእርሱ ማስላት አይቻልም።

ሮዜቱ የሚመሰክረው ስለ ተለጠፈበት ስፍራ ብቻ መሆኑም አይዘነጋ። ፎይሉ ሦስት ሚሊ ሜትር ከረዘመ በዚያ ርዝመት ውስጥ ያለውን አማካይ ይናገራል። ሰፊ ላሜራ ላይ ክብ ቀዳዳ ቢኖር በጠርዙ ላይ ያለው ውጥረት ከሩቁ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ የተለጠፈ ሮዜት ይህን አያየውም። ሙቀትም ያሳስታል። ብረት አሥር ዲግሪ ሲሞቅ ያለ ምንም ሸክም 120 ማይክሮስትሬን ገደማ ይለጠጣል፤ ጌጁ ለብረት የተመረጠ ካልሆነ ይህ ሙቀት እንደ ሸክም ይነበባል።

የከፋው ስህተት ግን የሽቦ ነው። የለ ሽቦ በሐ ቦታ፣ የሐ በለ ቦታ ገብተዋል እንበል። ላሜራው ያው ነው፣ ሸክሙም ያው። ንባቡ ግን 600፣ ‑200፣ 500 ተብሎ ይመዘገባል። አማካዩ 550 ሆነ፤ ትልቁ ስትሬን 1302 ሆነ፤ ውጥረቱ 273 ሜጋፓስካል ደረሰ። ጤነኛው ላሜራ በወረቀት ላይ ከ235 አልፎ ተበላሽቷል። ሒሳቡ አልተቃወመም፤ የማይታወቁት ሦስት፣ ንባቦቹም ሦስት ስለሆኑ ማንኛውም ሦስት ቁጥር መልስ አለው። አራተኛ ንባብ ስለሌለ ስህተቱን የሚያጋልጥ ከወረቀቱ ውስጥ ምንም የለም።

የሚያጋልጠው ሥራው ቦታ ነው። ሸክሙ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሽቦ ይነቀል፣ የትኛው መስመር እንደጠፋ ይታይ፣ ይመለስ፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።